የሰውነት ስብን ለማወቅ፦ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት ወይስ ባለ አራት ክፍል ሞዴል?

የሰውነትን ስብ በቀጥታ የሚመዝን መሣሪያ የለም። በሕይወት ካለ ሰው ስቡን ነጥሎ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ ማንኛውም ዘዴ ሌላ ነገር ይለካና ስቡን በስሌት ያወጣል። ዘዴዎቹ የሚለያዩት ከስሌቱ ውስጥ ምን ያህሉ እውነት ተለክቶ፣ ምን ያህሉ ደግሞ «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» ተብሎ ተገምቶ እንደገባ ነው። ባለ አራት ክፍል የሚባለው ሞዴል ከግምቱ አብዛኛውን በልኬት ይተካል። የሰውነትን እፍግታ፣ አጠቃላይ ውሃውንና የአጥንቱን ማዕድን ለየብቻ ይለካና ሦስቱን ከክብደት ጋር አንድ ቀመር ውስጥ ያስገባል። ሌሎች መለኪያዎች ትክክለኛነታቸው የሚፈተነውም ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት መሣሪያና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ስለዚህ ጥናት የሚያቅድ ወይም ታካሚዎችን የሚከታተል ሰው እፍግታውን ብቻ መለካት ይበቃው እንደሆነ፣ ውሃውን ቢጨምርበት ምን እንደሚያገኝ፣ አጥንቱን መጨመርስ ድካሙን ይክስ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ከሁለት ክፍል ወደ ሦስት ሲኬድ የሚገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ከሦስት ወደ አራት ሲኬድ የሚገኘው ግን ለአብዛኛው ሰው ትንሽ ነው። በደንብ ያልተለካ ውሃ ያለበት ባለ አራት ክፍል ሞዴል ደግሞ በጥንቃቄ ከተሠራ ባለ ሦስት ክፍል ሞዴል ያነሰ ዋጋ አለው። ምክንያቱን በቁጥር አሳያለሁ።

ግምቱ የተደበቀው የት ነው?

ባለ ሁለት ክፍል ሞዴል ሰውነትን ስብና ከስብ ውጭ ያለው አካል ብሎ ይከፍለዋል። የስብ እፍግታ በሊትር 0.9007 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህ ከሰው ሰው እምብዛም አይለያይም። ከስብ ውጭ ያለው አካል ግን 1.100 ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ አካል ውሃ፣ ፕሮቲንና ማዕድን የተቀላቀሉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ተመራማሪው ብሮዜክና ባልደረቦቹ ባስቀመጡት መነሻ አካል ውስጥ ከስብ ውጭ ካለው 73.8 በመቶው ውሃ፣ 19.4 በመቶው ፕሮቲን፣ 6.8 በመቶው ማዕድን ነው። መነሻው የተገኘው ደግሞ በኬሚካል ከተመረመሩ በጣም ጥቂት አስከሬኖች ነው። ድብልቁ በዚህ ልክ ከሆነ እፍግታው 1.100 ይሆናል፤ ካልሆነ አይሆንም።

የድብልቁ መለዋወጥ ለምን ያን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት የእያንዳንዱን እፍግታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ውሃ በሰውነት ሙቀት 0.9937፣ ፕሮቲን 1.34፣ የአጥንት ማዕድን 2.982 ነው። ከመነሻው የበለጠ ውሃ የያዘ ሰው ከስብ ውጭ ያለው አካሉ ከ1.100 በታች ይወርዳል። ባለ ሁለት ክፍል ሞዴል ይህን ዝቅታ የሚተረጉምበት አንድ መንገድ ብቻ ስላለው «ስብ ነው» ይላል። አጥንቱ የሳሳ ሰውም እንዲሁ ሳይወፍር ወፍራም ሆኖ ይነበባል።

እፍግታን ትቶ ውሃን ብቻ የሚለካ ሌላ ባለ ሁለት ክፍል ዘዴም አለ። ከስብ ውጭ ካለው አካል 73.2 በመቶው ውሃ ነው ብሎ ይነሳና፣ የተለካውን ውሃ ለ0.732 አካፍሎ ከስብ ውጭ ያለውን ያገኛል፤ የቀረው ስብ ነው። ይህኛው ትርፍ ውሃ ሲያጋጥመው የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው። ውሃ በዛ ማለት ለእሱ ጡንቻ በዛ ማለት ስለሆነ ስቡን ያሳንሳል። ሁለቱ ዘዴዎች ለአንድ ዓይነት ችግር ተቃራኒ ስህተት መስጠታቸው የመላው ጉዳይ ቁልፍ ነው፤ አንድ ላይ ሲለኩ አንዱ የሌላውን ስህተት ያጣፋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ተመራማሪው ሲሪ ያቀረበው ባለ ሦስት ክፍል ቀመር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከመነሻው የሚርቁት እነማን ናቸው? አዲስ የተወለደ ሕፃን ከስብ ውጭ ያለው አካሉ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፤ ይህ ቁጥር እያነሰ ሄዶ ወደ አዋቂው ልክ የሚደርሰው በጉርምስና ማብቂያ ነው። በመጨረሻ ወራቷ ላይ ያለች እርጉዝ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም እብጠት ያመጣበት ታካሚ፣ ለረጅም ጊዜ ክብደት ሲያነሳ የኖረ ስፖርተኛ፣ አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን፣ ሁሉም በየራሳቸው አቅጣጫ ይርቃሉ። በተቃራኒው ጤነኛ የሆነ የ30 ዓመት ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ ለመነሻው ቅርብ ነው፤ ለእሱ የሁለትና የአራት ክፍል ውጤቶች ተቀራራቢ ቢሆኑ አይገርምም።

አራተኛው ክፍል እንዴት ይገኛል?

ሞዴሉ ሰውነትን ስብ፣ ውሃ፣ ማዕድንና ፕሮቲን ብሎ ይከፍለዋል። ክብደቱና የሚይዘው ቦታ ማለትም ይዘቱ ይታወቃሉ፣ ውሃውና የአጥንቱ ማዕድን ይለካሉ። ያልታወቁት ስብና ፕሮቲን ብቻ ሲቀሩ፣ የክብደቶቹ ድምር ከጠቅላላ ክብደት ጋር፣ የይዘቶቹ ድምር ከጠቅላላ ይዘት ጋር እኩል መሆን ስላለበት ሁለቱ እኩልታዎች ሁለቱን ይፈታሉ። ፕሮቲን አይለካም፣ ግን አይገመትምም፤ ከሒሳቡ ይወጣል። በግምት የሚቀረው በለስላሳ አካል ውስጥ የሟሟው ጥቂት ማዕድን ነው፤ እሱም መጠኑ ከውሃው ጋር ተያይዞ ይሰላል። ከዋንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. 2002 ሥራ የመጣውና ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

```
FM = 2.748*BV - 0.699*TBW + 1.129*Mo - 2.051*BM
```

FM ስብ በኪሎ ግራም፣ BV የሰውነት ይዘት በሊትር፣ TBW ጠቅላላ ውሃ በኪሎ ግራም፣ Mo የአጥንት ማዕድን በኪሎ ግራም፣ BM ክብደት በኪሎ ግራም ነው። አጥንትን በኤክስሬይ የሚለካው ዴክሳ የተባለው ማሽን የሚያትመው የአጥንት ማዕድን አመድ ያህሉን ስለሆነ በ1.0436 ተባዝቶ ነው Mo የሚሆነው። አብዛኞቹ ማሽኖች በግራም ስለሚያትሙ ለ1000 ማካፈልም አይረሳ።

ቀመሩን ስታዩ ከምልክቶቹ ይልቅ አባዢዎቹን ተመልከቱ፤ የትኛው ልኬት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በይዘት ላይ የ1 ሊትር ስህተት 2.7 ኪሎ ግራም ስብ ይሆናል፤ በውሃ ላይ የ1 ኪሎ ግራም ስህተት 0.7። የአጥንቱም አባዢ ከ1 ይበልጣል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው የአጥንት ማዕድን በጠቅላላው 2 ወይም 3 ኪሎ ግራም ስለሆነ ስህተቱ ከ100 ግራም ማለፉ እምብዛም ነው። አንዱ ማሽን ከሌላው አምራች ማሽን በ5 በመቶ ቢለይ እንኳ ስቡ ላይ የሚያመጣው ወደ 100 ግራም ገደማ ነው።

አንድ ሰው በአራት መንገድ

ቁጥሮቹን በአንድ ምሳሌ እንከታተል። የ68 ዓመት እናት ናቸው፤ እግራቸው ያበጠ፣ አጥንታቸውም ሳሳ ያለ። ክብደታቸው 62.0 ኪሎ ግራም ነው። ይዘትን በአየር ግፊት በሚለካው ዝግ የአየር ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የተለካው ይዘታቸው 61.24 ሊትር፣ ስለዚህ እፍግታቸው 1.0124 ነው። ውሃቸው 30.4 ኪሎ ግራም ወጣ። ዴክሳ 1800 ግራም የአጥንት ማዕድን አነበበ፤ ተስተካክሎ 1.88 ኪሎ ግራም ይሆናል።

እፍግታን ብቻ የሚያየው የሲሪ ባለ ሁለት ክፍል ቀመር 24.1 ኪሎ ግራም ስብ ይሰጣል፤ 38.9 በመቶ። ውሃን ብቻ የሚያየው 20.5 ኪሎ ግራም ይላል፤ 33.0 በመቶ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰው ላይ፣ ሁለት በትክክል የተሠሩ ልኬቶች በ6 ነጥብ ገደማ ተለያዩ። ማንም መሣሪያ አልተበላሸም፤ የተበላሸው ግምቱ ነው።

እፍግታንና ውሃን አንድ ላይ የሚወስደው ባለ ሦስት ክፍል ቀመር 22.0 ኪሎ ግራም ይሰጣል፤ 35.6 በመቶ። አጥንቱን የጨመረው ባለ አራት ክፍልም 22.0 ኪሎ ግራም ነው፤ 35.5 በመቶ። አጥንታቸው ሳስቷል በተባሉ እናት ላይ እንኳ ዴክሳው የለወጠው አንድ አስረኛ ነጥብ ነው። ትልቁን ሥራ የሠራው ውሃው ነው፤ ከስብ ውጭ ካለው 40.0 ኪሎ ግራም ውስጥ 76 በመቶው ውሃ መሆኑን የገለጠው እሱ ነውና።

ሞዴሎቹ ይበልጥ የሚለዩት ለውጥ ሲከታተሉ ነው። እኚህ እናት ሐኪማቸው የሚያሸና መድኃኒት አዘዘላቸውና 2 ኪሎ ግራም ንጹሕ ውሃ ቀነሱ እንበል። ስባቸው ግራም አልተነካም። እፍግታን ብቻ የሚለካው ዘዴ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ስብ ቀነሱ ብሎ ይጽፋል። ውሃን ብቻ የሚለካው 0.7 ኪሎ ግራም ስብ ጨመሩ ይላል። ባለ አራት ክፍል ለውጥ የለም ይላል፤ ትክክሉም እሱ ነው። የክብደት መቀነሻ ጥናቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያጋጥማቸው ይኸው ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ከሚወርደው ክብደት ጥቂት የማይባለው ውሃ ስለሆነ በእፍግታ ብቻ የተገኘው «የስብ ቅነሳ» ከፊሉ ስብ አይደለም።

አሁን ደግሞ ውሃው ሳይነካ በዓመታት ሂደት 400 ግራም የአጥንት ማዕድን ጠፋ እንበል። ከአጽም ማዕድን አምስተኛው ገደማ ነው፤ ከባድ መሳሳት ነው። ባለ ሁለት ክፍሉ የእፍግታ ዘዴ 1.1 ኪሎ ግራም ስብ ተጨመረ ይላል። ባለ ሦስት ክፍሉ የሚሳሳተው በ0.26 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ባለ አራት ክፍሉ አይሳሳትም። አራተኛው ልኬት የሚያመጣው ጥቅም ልኩ ይህ ነው፦ በከባድ የአጥንት ለውጥ ላይ ሩብ ኪሎ ግራም። ለአንዳንድ ጥናት ይህ ወሳኝ ነው፤ ለአንዳንዱ ሊታለፍ ይችላል።

ውሃው፦ ብዙ ነገር የሚበላሽበት ቦታ

ውሃ የሚለካው ዲዩቴሪየም የተባለው የከበደ ሃይድሮጅን ያለበትን ውሃ በማጠጣት ነው። ጨረር የለውም፤ ለልጅም ለእርጉዝም ይሰጣል። የተጠጣው ከሰውነት ውሃ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በምራቅ ወይም በሽንት ውስጥ ያለው መጠን ይለካል። ምን ያህል እንደ ሳሳ ሲታወቅ የተቀላቀለበት ውሃ ብዛት ይታወቃል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ስህተትን አይምርም።

ሰውየው ጠዋት ሳይበላ ሳይጠጣ መጥቶ ከተሸና በኋላ ይመዘናል። ከመጠጣቱ በፊት መነሻ ናሙና ይወሰዳል፤ ማንኛውም ሰው በተፈጥሮ ጥቂት ዲዩቴሪየም ስላለው ያለዚህ ስሌቱ አይጀመርም። ከዚያ በትክክለኛ ሚዛን የተመዘነውን መጠን ይጠጣል፤ ምራቁ ኢንፍራሬድ በሚጠቀም መሣሪያ የሚነበብ ከሆነ ለአዋቂ የተለመደው 30 ግራም ነው። ጠርሙሱ በጥቂት ውሃ ታጥቦ ያም ይጠጣል። ለጤነኛ ሰው ምራቅ በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ይወሰዳል። ጥጥ አፍ ውስጥ ይገባል፣ እስኪርስ ይቆያል፣ በሲሪንጅ ተጨምቆ ክዳኑ ወዲያው ይዘጋል።

እዚህ ውስጥ ትንሽ የሚመስለው ሁሉ ዋጋ ያስከፍላል። እናታችን ሲጠጡ 2 ግራም በአገጫቸው ወርዶ ልብሳቸው ላይ ፈሰሰና ማንም ሳይመዘግበው ቀረ እንበል። ስሌቱ 30 ግራም ገባ ብሎ ስለሚያምን ውሃቸው 32.6 ኪሎ ግራም ሆኖ ይወጣል። ባለ አራት ክፍሉ ውጤት ከ35.5 ወደ 33.0 በመቶ ይወርዳል። ውሃን ብቻ የሚለካው ዘዴ ግን ከ33.0 ወደ 28.2 ይወድቃል። ሞዴሉ ስህተቱን በግማሽ ያህል አለዘበው እንጂ አላጠፋውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠራተኛ የሚጠጣው ሰው አገጭ ስር የተመዘነ መሐረብ ይይዛል፤ ከፈሰሰ መሐረቡ እንደገና ይመዘንና ከተሰጠው መጠን ላይ ይቀነሳል።

ናሙና ከመስጠቱ በፊት ውሃ የተጎነጨ ሰው ምራቁ ስለሚቀጥን ውሃው ከእውነቱ በላይ ይሆናል። ክዳኑ ክፍት የቆየ ናሙና ደግሞ በትነት ወቅት ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ስለሚሄድ ዲዩቴሪየሙ ይበረታል፤ ያኔ ውሃው ያንሳል፣ ስቡ ይበዛል። እብጠት ያለበት ሰው ላይ ድብልቁ ስለሚዘገይ 4ኛው ሰዓት ቶሎ ሊሆን ይችላል። የ3ኛውና የ4ኛው ሰዓት ናሙናዎች ካልተስማሙ ገና አልተረጋጋም ማለት ስለሆነ እስከ 5ኛውና 6ኛው ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ለእንደ እናታችን ዓይነት ሰው ይህን ቀድሞ ማቀድ ይሻላል።

አንድ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ። ዲዩቴሪየም ውሃ ካልሆነው አካል ሃይድሮጅን ጋርም ጥቂት ስለሚለዋወጥ የተቀላቀለበት ቦታ ከእውነተኛው ውሃ በ4 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ውጤቱ ለ1.041 መካፈል አለበት። ይህ ከተዘለለ በእናታችን ላይ ስቡ በ0.9 ኪሎ ግራም ይቀንሳል፤ ስህተቱም በሁሉም ተሳታፊ ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚደገም በአማካይ አይጠፋም።

ስህተት መኖሩን እንዴት ይታወቃል? ሞዴሉ የራሱን መፈተሻ ይዞ ይመጣል። ስቡ ከወጣ በኋላ ከስብ ውጭ ካለው አካል ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ አስሉ። በአዋቂ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 76 በመቶ መካከል ይወድቃል። የፈሰሰው 2 ግራም ይህን ቁጥር ከ76.0 ወደ 78.4 ሰቀለው፤ የተዘለለው የ1.041 ማስተካከያ ደግሞ ወደ 77.4። እብጠት በዓይን የማይታይበት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ስቡን ለማተም አትቸኩሉ፤ የመጠጡን መዝገብና የናሙናውን ክዳን ተመልከቱ። ይህን ስሌት የማይሠራ ቤተ ሙከራ ባለ አራት ክፍል ሞዴልን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቀምበት ብዬ አምናለሁ።

ይዘቱና አጥንቱ

ይዘት በሁለት መንገድ ይለካል። የቆየው ሰውን ውሃ ውስጥ አጥልቆ መመዘን ነው። የሚለካው ሰው ትንፋሹን ሁሉ አስወጥቶ፣ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ፣ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት፤ ሳንባው ውስጥ የቀረው አየርም ለብቻው ይለካል። ለሕፃን፣ ለአረጋዊ፣ ውሃ ለሚፈራ ሰው አይሆንም። አሁን በብዛት የሚሠራበት የአየር ክፍሉ ነው፤ ሰውየው ጠበብ ያለ የዋና ልብስና ኮፍያ አድርጎ ዝግ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ማሽኑም የግፊት ለውጥን አንብቦ ይዘቱን ያወጣል።

የአየር ክፍሉ ደካማ ጎን የደረት ውስጥ አየር ነው። በሳንባ ያለው አየር ከክፍሉ አየር ይልቅ በቀላሉ ስለሚታመቅ 40 በመቶው በማስተካከያነት ይጨመራል። ማሽኑ ይህን አየር በትንፋሽ ቱቦ ሊለካው ወይም ከዕድሜ፣ ከቁመትና ከጾታ ሊገምተው ይችላል። ግምቱ ከእውነቱ በግማሽ ሊትር ቢበልጥ ይዘቱ በ0.2 ሊትር ይጨምራል። በእናታችን ላይ ይህ በባለ አራት ክፍል 0.55 ኪሎ ግራም፣ በባለ ሁለት ክፍል ደግሞ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ትርፍ ስብ ነው። ስለዚህ «መመሳከሪያ» ተብሎ ሊጻፍ የታሰበ ውጤት ላይ የደረት አየር ይለካ እንጂ አይገመት። የቀረው ቀላል ነው፦ ሰውነትና ፀጉር ደረቅ ይሁን፣ ከስፖርት በኋላ ወዲያው አይገባ፣ ሰፊ ልብስ አይለበስ።

አጥንቱ ላይ የምለው ትንሽ ነው። ዴክሳ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ የጨረር መጠኑ በጣም አነስተኛ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ሰውየው ሙሉ በሙሉ በጠረጴዛው ወሰን ውስጥ መሆኑና ብረት አለማድረጉ ነው። የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ብረት ያለው ሰው የማዕድን ንባቡ ከእውነቱ ስለሚርቅ እሱን በባለ ሦስት ክፍል ማስላት ይሻላል።

ሦስቱም በአንድ ጠዋት መሆን አለባቸው። አመቺው ቅደም ተከተል መመዘን፣ የአየር ክፍሉ፣ መነሻ ናሙና፣ መጠጡ፣ ከዚያ ድብልቁ እስኪረጋጋ በሚጠበቅበት ጊዜ ዴክሳው ነው። ክብደትና ይዘት ዛሬ ተለክተው ውሃው ከሦስት ቀን በኋላ ከተለካ ቀመሩ ሁለት የተለያዩ ሰውነቶችን እያዋሐደ ነው።

አቋራጮቹስ?

ሁለት አቋራጮች በብዛት ይቀርባሉ። አንዱ ዲዩቴሪየሙን በኤሌክትሪክ ፍሰት በሚለካ መሣሪያ መተካት ነው። መሣሪያው የሚለካው ሰውነት ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለውን የመቋቋም መጠን ነው፤ ውሃውን የሚያወጣው ከዚያ፣ ከቁመት፣ ከክብደትና ከጾታ በተሠራ ቀመር ነው። ቀመሩ ከተሠራበት ሕዝብ የሚለይ ሰው ላይ ውሃው በ1.5 ኪሎ ግራም ቢስት ስቡ በ1 ኪሎ ግራም ይስታል። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ከመነሻው የሚርቀውን ሰው ልናገኝ የጨመርነው ልኬት ራሱ «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» በሚል ግምት መሞላቱ ነው። ለክሊኒክ ክትትል ሊረዳ ይችላል። ሌላ የኤሌክትሪክ መለኪያን ለመፈተን ግን በፍጹም አይሆንም፤ አንድ ዓይነት ስህተት የሚጋሩ ሁለት ነገሮች እርስ በርስ መስማማታቸው ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ይዘቱን ከዴክሳው ራሱ በስሌት ማውጣት ነው። የአየር ክፍሉን ያስቀራል፣ ሰውየውንም ከድካም ያድናል። ውሃው በዲዩቴሪየም ከተለካ ከሁለቱ አቋራጮች የምመርጠው ይህኛውን ነው። ነገር ግን ይዘቱ ከዴክሳ የስብ ንባብ ስለሚመነጭ ዴክሳን ለመፈተን ሊያገለግል አይችልም፤ አባዢው 2.748 ስለሆነም ትንሽ የይዘት ስህተት ይጎላል።

ምርጫው

አዲስ መለኪያን ልታመሳክሩ ከሆነ፣ በተለይ ሕፃናት፣ አረጋውያን ወይም ስፖርተኞች ላይ፣ ባለ አራት ክፍሉን ሙሉውን ሥሩ፦ ዲዩቴሪየም፣ የተለካ የደረት አየር፣ ዴክሳ። በጥንቃቄ ከተሠራ ምን ያህል ይስታል? የይዘት ስህተቱ 0.1 ሊትር፣ የውሃው 0.4 ኪሎ ግራም፣ የአጥንቱ 30 ግራም ቢሆን የጋራ ስህተቱ 0.4 ኪሎ ግራም ስብ ገደማ ነው፤ በእናታችን ላይ 0.6 ነጥብ። ልትፈትኑት የፈለጋችሁት መሣሪያ ከዚህ ባነሰ ልዩነት ላይ የሚከራከር ከሆነ ይህም ሞዴል አይዳኘውም።

ዴክሳ ከሌላችሁና ተሳታፊዎቹ የአጥንት ሕመም ከሌላቸው፣ ወይም የምትከታተሉት የውሃና የክብደት ለውጥን ከሆነ፣ ባለ ሦስት ክፍሉን ያለ ቅሬታ ምረጡ። ዲዩቴሪየም ከሌላችሁ፣ ዴክሳና የአየር ክፍል ብቻ ካላችሁ ግን አጥንቱን ጨምሮ ውሃውን በግምት መሙላት ትንሹን ስህተት አስተካክሎ ትልቁን መተው ነው። ያኔ ዴክሳውን ብቻውን ተጠቀሙና ውጤቱን በስሙ ጥሩት።

ለጤነኛ ጎልማሶች የቡድን አማካይ የእፍግታ ዘዴ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ለአንድ ታካሚ ውሳኔ ግን አልመክረውም። የትኛውንም ብትመርጡ ቀመሩን በመሐል አትቀይሩ። ሌላው የታወቀ ባለ አራት ክፍል ቀመር፣ የፉለርና ባልደረቦቹ፣ የዴክሳውን ቁጥር ሳያስተካክል የሚወስድ ሲሆን በእነዚሁ የእናታችን ልኬቶች 22.2 ኪሎ ግራም ይሰጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያውን ቀን በአንዱ፣ የስድስተኛውን ወር በሌላው ያሰላ ግን ያልተፈጠረ 200 ግራም ስብ ይመዘግባል።

እርጉዝ ሴቶች ላይ ዴክሳ ስለማይደረግ ይዘቱና ውሃው በእርግዝናው ወቅት ይለካሉ፤ አጥንቱ ደግሞ ከእርግዝና በፊት ወይም ከወሊድ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይለካና ያው ቁጥር ወደ ቀመሩ ይገባል። የአጥንት ማዕድን በእነዚያ ወራት ጥቂት ቢለወጥ እንኳ ስቡን የሚነካው በግራሞች ነው። ውሃው ግን በየወሩ ስለሚለዋወጥ እያንዳንዱ ልኬት የዚያን ዕለት ዲዩቴሪየም ይፈልጋል።